የሰኞው ሪፖርት ስንት ሰዓት ይበላል?

ሰኞ ጠዋት 2:30 ላይ የሽያጭ ሪፖርት የምታዘጋጀው ባለሙያ ኮምፒውተሯን ከፍታ መጀመሪያ የምታየው ቴሌግራሟን ነው። ከዘጠኙ ቅርንጫፎች ስድስቱ ፋይላቸውን ልከዋል። አንዱ የላከው በስልክ ያነሳውን የወረቀት ፎቶ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ ገና አልላኩም። ስልክ ትደውላለች፣ ትጠብቃለች፣ የደረሷትን ፋይሎች አንድ በአንድ ከፍታ ወደ ዋናው ሠንጠረዥ ትገለብጣለች። ሪፖርቱ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ማክሰኞ ነው።

ይህ ምሳሌ የተሰናዳው ለስሌት እንዲመች ተደርጎ ነው፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ የሚያከፋፍል ማንኛውም ድርጅት ሠራተኛ ሲያነበው የራሱን ሰኞ ያይበታል። እንዲህ ያለ ሥራ በኮምፒውተር በራሱ እንዲሠራ የሚጠይቁ ፕሮፖዛሎች ለአመራሩ ብዙ ጊዜ ይቀርባሉ፤ ብዙዎቹም «ሥራውን ያቀላጥፋል፣ ጊዜ ይቆጥባል» ብለው ያበቃሉ። ሥራ አስኪያጁ ግን ስንት ሰዓት፣ በስንት ብር እና ማን እየጠገነው ብሎ ይጠይቃል።

መልሱ የሚጀምረው ሰዓት ከመያዝ ነው። ባለሙያዋ ለአራት ሳምንት እያንዳንዱን እርከን ስትጀምርና ስትጨርስ ትመዘግባለች። አንድ ሳምንት ብቻ መለካት አይበቃም፤ የወሩ መጨረሻ ያለበት ሳምንትና ጸጥ ያለው ሳምንት አይመሳሰሉም። በምሳሌያችን አማካዩ እንዲህ ወጣ፦ ፋይል ለመሰብሰብ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ፣ ወደ አንድ ሠንጠረዥ ለመገልበጥ 2 ሰዓት፣ ቀንና የዕቃ ስም ለማስተካከል 1 ሰዓት ተኩል፣ ከባንክ ገቢ ጋር ለማመሳከር 1 ሰዓት፣ ማጠቃለያውን ለማዘጋጀት 45 ደቂቃ። በድምሩ በሳምንት 6 ሰዓት ተኩል ይሆናል።

ከእነዚህ እርከኖች ብዙ ሰው የማይጠረጥረው የቀኑን ጣጣ ነው። አንዳንዱ ቅርንጫፍ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር፣ ሌላው በአውሮፓውያኑ ይጽፋል። ጥቅምት 30 ቀን 2017 ሲሸጥ «30/2/2017» ተብሎ ይገባል። ኤክሴል ይህን የፌብሩዋሪ 30 አድርጎ ሊያነብ ይሞክራል፤ እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ ቁጥሩን ተራ ጽሑፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ጥቅምት 5 ደግሞ «5/2/2017» ስለሚሆን ያለ ምንም ቅሬታ የፌብሩዋሪ 5 ሆኖ ያልፋል። የመጀመሪያው ስህተት በዓይን ይለያል፤ ትክክለኛ ቀን በሳጥኑ ውስጥ ወደ ቀኝ ሲጠጋ ጽሑፍ የሆነው ወደ ግራ ይጠጋል። ሁለተኛው ግን አይታይም። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ከሶፍትዌሩ በፊት ዘጠኙም ቅርንጫፎች በአንድ ቅጽና በአንድ የቀን አጻጻፍ እንዲልኩ መጠየቅ አለበት። ይህ ካልተስተካከለ ማሽኑ የሚያፋጥነው ስህተቱን ነው።

መሣሪያውስ? በአብዛኞቹ ቢሮዎች አለ። ኤክሴል ከ2016 እትሙ ጀምሮ ፓወር ኪዌሪ የተባለውን ክፍል በውስጡ ይዟል። በ`Data` ሥር `From Folder` የሚለውን መርጦ የቅርንጫፎቹ ፋይሎች የሚቀመጡበትን ፎልደር አንድ ጊዜ ማሳየት ይበቃል። ዓምዶቹን ማስተካከልና ማዋሃድ አንዴ ከተሠራ በኋላ በየሰኞው አዲሶቹን ፋይሎች እዚያው ማስገባትና `Refresh All` መጫን ብቻ ይቀራል።

ይሁን እንጂ ሁሉም ሰዓት አይጠፋም። ያልላከ ቅርንጫፍ አሁንም ስልክ ይደወልለታል፤ ከባንክ ጋር ያልገጠመውን ገቢ ሰው ያየዋል። በምሳሌያችን በሳምንት 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀራል፤ የሚድነው 4 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። ዓመቱን 50 የሥራ ሳምንት አድርገን ብንይዝ 237 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከዚህ ላይ አዲስ ዕቃ ሲመጣ ወይም ቅርንጫፍ ሲከፈት ለማስተካከል የሚወስደውን፣ በወር 2 ሰዓት ብንል 24 ሰዓት እንቀንሳለን። የተጣራው 213 ሰዓት ተኩል ነው።

ወደ ብር ሲቀየር አብዛኛው ፕሮፖዛል ይጋነናል። ባለሙያዋ በወር 20,800 ብር ይከፈላታል እንበል፤ አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ ጡረታ ሲታከልበት 23,088 ብር ነው። በሳምንት 48 ሰዓት ከተሠራ ወሩ 208 ሰዓት ስለሚሆን የአንዱ ሰዓት ዋጋ 111 ብር ይወጣል። የዓመቱ ቁጠባ እንግዲህ ወደ 23,700 ብር ነው፤ የአንድ ወር ደመወዝ ቢሆን ነው።

ይህ ቁጥር አስተዋይ አዘጋጅን ሊያስደነግጠው አይገባም፤ መንገዱን ይነግረዋል። ድርጅቱ በ150,000 ብር ሶፍትዌር ከውጭ ቢያሠራ ወጪውን ለመመለስ ከስድስት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ባለው ኤክሴል በራሱ ሠራተኛ የ60 ሰዓት ሥራ ቢያሠራ ግን ወጪው 6,660 ብር ነው፤ በ14 ሳምንት ገደማ ይመለሳል። ደመወዝ ዝቅተኛ በሆነበት አገር ርካሹ መንገድ ያዋጣል፤ ውድ ሥርዓት በሰዓት ቁጠባ ብቻ አይከላከልም።

የዳነው ሰዓትም በካዝና ውስጥ የሚገባ ብር አይደለም፤ ሠራተኛዋ ደመወዟን ያው ትወስዳለች። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ሰዓቱ ወዴት እንደሚሄድ መናገር አለበት። «በየሳምንቱ የሚተርፈው ከ4 ሰዓት በላይ የሚሆን ጊዜ ቀናቸው ያለፈ የዱቤ ሽያጮችን ለመከታተል ይውላል፤ ሪፖርቱም ሰኞ ከምሳ በፊት ይደርሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከማንኛውም ሥዕላዊ መግለጫ ይበልጣል። ያለቀ ዕቃ ሰኞ ሲታወቅና ማክሰኞ ሲታወቅ ልዩነቱ የአንድ ቀን ሽያጭ ነው።

አንድ አደጋ ግን በግልጽ ይጻፍ፦ በራሱ የሚሠራ ነገር ዝም ብሎ ሊሳሳት ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 የተመዘገቡ 15,841 የኮቪድ ታማሚዎች ከዕለታዊው ሪፖርት ውጭ ቀርተው ነበር። የላቦራቶሪ ውጤቶች በራሳቸው የሚገቡበት የቆየው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ አይችልም፤ የተረፈው ማንም ሳያውቅ ተቆረጠ። የታማሚዎቹን ንክኪዎች ፍለጋም በዚያው ዘገየ።

መከላከያው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ከፋይሉ ጋር የረድፎቹን ብዛትና የብሩን ድምር ለብቻው ይልካል፤ የተዋሃደው ሠንጠረዥ ከእነዚህ ጋር ካልገጠመ ሪፖርቱ አይወጣም። ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት አሮጌውና አዲሱ አሠራር ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አሠራሩን የሚያውቅ ሁለተኛ ሰውም ይኑር፤ የሠራችው ባለሙያ ዓመት ፈቃድ ስትወጣ ሪፖርቱ አብሯት መውጣት የለበትም።

እንዲህ ያለው ፕሮፖዛል ከአንድ ገጽ አያልፍም፦ የተለካው ሰዓት፣ ጥገና የተቀነሰለት ቁጠባ፣ ወጪው፣ ሰዓቱ የሚውልበት ሥራ፣ መቆጣጠሪያውና የአራት ሳምንቱ ሙከራ። የሚያቀርበው ሠራተኛ ነገ ሰኞ ሰዓቱን መያዝ ይጀምር። የሚቀበለው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ቁጥሩ እንዴት እንደተለካ ያልተጻፈበትን ፕሮፖዛል ሳይፈርም ይመልሰው።