ቀሚሱ በምን ስም ይፈለጋል?

ሽሮ ሜዳ ያለ አንድ የባህል ልብስ ሱቅ አዲስ ቀሚስ ኢንስታግራም ላይ ለጠፈ እንበል። ከፎቶው ሥር «ውበት በባህል!» ይልና #fashion #love #style #ethiopia ይደረድራል። ፎቶው ያምራል፤ ጽሑፉ ግን «ቀሚስ» የሚል ቃል እንኳ የለውም። ዋሽንግተን ተቀምጣ ለመልሷ የሚሆን ልብስ የምታፈላልግ ሙሽራ ደግሞ መፈለጊያው ላይ «ውበት» ብላ አትጽፍም።

ሃሽታግን በ2007 እ.ኤ.አ. ለትዊተር ያቀረበው ክሪስ ሜሲና ሐሳቡ አንድ ጉዳይ የሚያወሩ ሰዎችን ማሰባሰብ ነበር። #fashion ግን ዓለም ሁሉ የሚጽፈው ስለሆነ ማንንም አያሰባስብም፤ የሽሮ ሜዳው ቀሚስ ወዲያው ከጫማና ከሰዓት ፎቶ ሥር ይቀበራል። ሱቁ ለራሱ ያወጣው ስምም ከሱቁ ደንበኞች በቀር የሚፈልገው የለም፤ የለበሱትን ፎቶ ለማሰባሰብ ነው የሚጠቅመው።

ገዢዋ ያለችው መሃል ላይ፣ #habeshakemis እና #ethiopianwedding አካባቢ ነው። ኢንስታግራም ራሱ በ2021 ከ3 እስከ 5 ሃሽታግ ይበቃል ብሎ መክሯል። ከእነዚህ አንዱ ሰፊ፣ ሁለት ሦስቱ መካከለኛ፣ አንዱ ጠባብ ቢሆን ያስኬዳል።

ዋናው ሥራ ግን ያለው ካፕሽኑ ላይ ነው፤ መፈለጊያው ዛሬ ተራውን ጽሑፍም ያነባልና። የሱቁ ካፕሽን እንዲህ ቢሆንስ? «ለመልስ የሚሆን የሐበሻ ቀሚስ፣ በእጅ የተሸመነ፣ ወርቃማ ጥለት ያለው። ሱቃችን ሽሮ ሜዳ ነው፤ ወደ አሜሪካም እንልካለን። Handwoven habesha kemis for melse.» የእንግሊዝኛ ፊደሉ ለጌጥ አልገባም፤ ውጭ ካሉት ብዙዎቹ የሚፈልጉት በእሱ ነው። ጥምቀት ሲቃረብ ደግሞ «ለመልስ» የሚለው ለ«ጥምቀት» ቦታውን ይለቃል፤ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚባልበት አገር ነው።

አማርኛው የራሱ ጣጣ አለው። ሐበሻ፣ ሀበሻ፣ ሃበሻ ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለስልኩ ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ አንዱን አጻጻፍ ካፕሽኑ ውስጥ፣ ሌላውን ሃሽታጉ ላይ ማዋል ይቻላል። #ሐበሻ ቀሚስ ተብሎ በክፍት ቦታ ከተጻፈ ደግሞ ሃሽታጉ «ሐበሻ» ላይ ይቆማል፤ #ሐበሻቀሚስ ተብሎ መገጠም አለበት።

ቃሉን ከመለጠፍ በፊት መፈለጊያው ላይ ጽፎ የሚመጣውን ማየት ይበጃል። የሚመጣው ሌላ ነገር ከሆነ ቃሉ የሌላ ሰፈር ነው። ከተለጠፈ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ሱቁን ከማይከተሉ ሰዎች ስንቱ እንዳየው የሙያ አካውንት ያሳያል። ተመልካቹ በዝቶ «ዋጋው ስንት ነው?» የሚል ከጠፋ፣ ቃሉ የጠራው ገዢ ያልሆነ ሰው ሊሆን ይችላል። ያኔ የሚቀየረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ሁሉም በአንዴ ከተቀየረ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም።