ዕድሜ ሳይሆን የቀረው ጊዜ

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ላውራ ካርስተንሰንና ባልደረቦቻቸው በተለያየ ዕድሜ ላሉ ሰዎች አንድ ቀላል ጥያቄ አቀረቡ፦ «ግማሽ ሰዓት ትርፍ ጊዜ ቢኖርዎ ከማን ጋር ያሳልፉታል? ከቅርብ ቤተሰብዎ፣ በቅርቡ ከተዋወቁት ሰው ወይስ ካነበቡት መጽሐፍ ደራሲ?» አረጋውያኑ በአብዛኛው ቤተሰባቸውን መረጡ። የወጣቶቹ ምርጫ ግን የተለያየ ነበር።

ብዙዎች ይህን የእርጅና ድካም ወይም ሰው መሸሽ አድርገው ያዩታል። ካርስተንሰን ግን ዋናው ምክንያት ሰው «ቀረኝ» ብሎ የሚያስበው ጊዜ ነው ይላሉ። ገና ሰፊ ጊዜ አለኝ ለሚል ሰው አዲስ ትውውቅና ዕውቀት የነገ ስንቅ ነው፤ ጊዜው ማጠሩን የተረዳ ደግሞ ዛሬውኑ ልቡን የሚሞላውን ያስቀድማል። ከዕድሜ ጋር በይበልጥ የሚቀንሰውም የሩቅ ትውውቅ እንጂ የልብ ወዳጅ አይደለም።

ታዲያ ጉዳዩ ዕድሜ ብቻ አለመሆኑ በምን ታወቀ?

ወጣቶቹ ብቻቸውን ወደ ሩቅ አካባቢ ሊሄዱ እንደሆነ እንዲያስቡ ሲደረግ፣ እንደ አረጋውያኑ የቅርብ ሰዋቸውን መረጡ። አረጋውያኑ ደግሞ አዲስ ሕክምና 20 ዓመት እንደሚጨምርላቸው ሲያስቡ፣ ለቅርብ ሰው ያደላ የነበረው ምርጫቸው ተለወጠ።

ይበልጥ የሚያስደንቀው የሆንግ ኮንግ ጥናት ነው፤ በዚያ የሚያበቃው ዘመን በምናብ የተፈጠረ አልነበረም። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1997 ከብሪታንያ ወደ ቻይና ልትተላለፍ ጥቂት ወራት ሲቀሩ ወጣቶቹም ወደ ቅርብ ሰዎቻቸው አደሉ። ርክክቡ አልፎ ዓመት ሲሞላው፣ በወጣትና በአረጋዊ መካከል ያለው ልዩነት ተመለሰ።

ስለዚህ አረጋውያንን ከማያውቋቸው ሰዎች ስብስብ ጋር ለማቀላቀል ከመጣደፍ በፊት፣ ማንን ማየት እንደሚናፍቁ ይጠየቁ።