ተመልሶ የመጣው ስህተት

ብዙ ገንቢዎች በአንድ ፕሮግራም ላይ ሲሠሩ፣ እያንዳንዱ ከዋናው ኮድ የራሱን የሥራ መስመር ያወጣል። ይህ መስመር ብራንች ይባላል፤ ሥራው ሲያልቅ ከዋናው ብራንች ጋር ይቀላቀላል። አዲስ ስሪት የሚወጣበት ቀን ሲቃረብ ደግሞ የመልቀቂያ ብራንች ይከፈታል፤ በዚህ ላይ ስህተት ከማረም በቀር አዲስ ሥራ አይጨመርም። ስሪቶች እየተበላሹ ሲወጡ የቡድን መሪ ለገንቢዎች የሚጽፈው ደብዳቤ የእነዚህን ብራንቾች አያያዝ ይመለከታል።

ደብዳቤው በአንድ ብልሽት ታሪክ ቢጀምር ለመረዳት ይቀላል። አንድ የክፍያ መተግበሪያ በምሳሌነት ይወሰድ። ስሪት 2.4 ሊወጣ ዋዜማ ላይ፣ ሳንቲም ሲጠጋጋ ሒሳቡ እንደሚሳሳት ይደረስበታል። አንድ ገንቢ በጥድፊያ የመልቀቂያውን ብራንች ብቻ ያርማል፤ ስሪቱም በደህና ይወጣል። እርማቱን ወደ ዋናው ብራንች የመለሰው ሰው ግን የለም። ከወር በኋላ ስሪት 2.5 ከዋናው ሲወጣ ያው ስህተት አብሮት ይወጣል።

ስለዚህ የደብዳቤው የመጀመሪያ ደንብ ቅደም ተከተልን ይወስናል፦ እርማት ሁሉ በቅድሚያ ዋናው ብራንች ላይ ይገባል፤ ከዚያ ወደ መልቀቂያው ይቀዳል።

```
git switch release/2.4
git cherry-pick -x a1b2c3d
```

`a1b2c3d` የእርማቱ መለያ ነው። `-x` ይህን መለያ በቅጂው መልእክት ላይ ስለሚጽፍ፣ እርማቱ ከየት እንደመጣ በኋላ ማወቅ ይቻላል። ወደ ዋናው ያልገባ እርማት መኖሩ የሚታየው ደግሞ እንዲህ ነው፦

```
git cherry main release/2.4
```

አቻው በዋናው ብራንች ያለ እርማት በ`-`፣ የሌለው በ`+` ምልክት ይወጣል። ሲቀዳ በእጅ የተስተካከለ እርማትም `+` ሊያሳይ ስለሚችል፣ ምልክቱን አይቶ የሚያጣራ ሰው ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ደንብ ግምገማን ይመለከታል። ማንም በቀጥታ ወደ ዋናው ብራንች አይጽፍም፤ ሌላ ገንቢ ለውጡን አንብቦ ማጽደቅ አለበት። ማጽደቁ ብቻውን ግን አይበቃም። አንዱ ገንቢ የአንድን ተግባር ስም ሲቀይር ሌላው በአሮጌው ስም የሚጠራ አዲስ ኮድ ሊጽፍ ይችላል። ሁለቱም ብራንቾች ለየብቻ ፈተናውን ያልፋሉ፤ ሲቀላቀሉም ግጭት አይታይም፤ ፕሮግራሙ ግን ይሰበራል። በዚህ ምክንያት ብራንቹ ከመቀላቀሉ በፊት ከዋናው የቅርብ ጊዜ ይዘት ጋር ተዋህዶ እንደገና ይፈተናል። ብራንቾች በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያልቁ የሚጠየቀውም ለዚሁ ነው፤ ብራንች በቆየ ቁጥር ከዋናው ይርቃል፣ ለገምጋሚውም የሚነበበው ይበዛል።

ደብዳቤው ለአስቸኳይ ጊዜም ቦታ ይተዋል። ስህተት ያለበት ኮድ በዋናው ብራንች ተለውጦ ከሆነ እርማቱ በመልቀቂያው ላይ ሊጀመር ይችላል። ሆኖም ችግሩ በዋናው ላይ መኖር አለመኖሩን የሚያጣራ ሰው በዚያው ቀን በስም ይመደባል፤ ይህ ሥራ ሳይዘጋም ቀጣዩ የመልቀቂያ ብራንች አይከፈትም።