እሳት የማይለየው ጨርቅ

ከሸሚዝ ጠርዝ አንድ ክር ተመዞ በክብሪት ሲለኮስ፣ ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ ለስላሳ አመድም ይተዋል። ፖሊስተር ግን ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝም ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሆናል። ይህ የቆየ ፈተና ከዚህ አልፎ አይሄድም። ከተልባ እግር የሚገኘው ሊኖና ቪስኮስም እንደ ጥጥ ነው የሚነዱት። በተፈጥሮ ዘዴ የለማ ጥጥ ከሌላው ጥጥ፣ ከጠርሙስ የተሠራ ፖሊስተርም ከአዲሱ በእሳት አይለይም። ልዩነቱ ያለው ማሳውና ፋብሪካው ላይ ነው።

«የቀርከሃ ጨርቅ» ተብሎ የሚሸጠው ልስልስ አንሶላ አብዛኛውን ጊዜ ቪስኮስ ነው። ከተክሉ ሴሉሎሱ ብቻ ተለይቶ ይወጣል፤ በኮስቲክ ሶዳና በካርቦን ዳይሰልፋይድ ይሟሟል፤ ከዚያ ወፍራሙ ፈሳሽ በደቃቅ ቀዳዳዎች ተገፍቶ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ሲገባ ክር ሆኖ ይረጋል። ካርቦን ዳይሰልፋይድ በቀላሉ ይተናል፤ ለረጅም ጊዜ የሚተነፍሰውን ሠራተኛ ነርቭና ልብ ይጎዳል። በ2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ቪስኮስን ቀርከሃ ብለው ሸጠዋል ሲል የከሰሳቸው ዎልማርት 3 ሚሊዮን፣ ኮልስ ደግሞ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። ላዮሴል የሚባለው ዘመዱ የተሻለ ነው፤ ማሟሚያው ከ99 በመቶ በላይ ተመልሶ ይሠራበታል። እንጨቱ ከየትኛው ደን እንደተቆረጠ ግን ሁለቱም ሊጠየቁ ይገባል።

የፖሊስተሩ ጉዳይ ይበልጥ ያከራክራል። «ዳግም የተሠራ» የሚባለው በአብዛኛው የተገኘው ከአሮጌ ልብስ ሳይሆን ከውኃ ጠርሙስ ነው። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጠርሙሱ እንደገና ጠርሙስ መሆን ይችል ነበር፤ ሸሚዝ ከሆነ በኋላ፣ በተለይ ከጥጥ ጋር ከተቀላቀለ፣ መልሶ ክር ማድረግ በጣም ከባድ ነው። በታጠበ ቁጥርም እንደ አዲሱ ፖሊስተር ደቃቅ የፕላስቲክ ክር ወደ ፍሳሹ ይለቃል።

ኦርጋኒክ ጥጥ ሰው ሠራሽ ፀረ ተባይና ማዳበሪያ አይነካውም። በአርባ ምንጭ አካባቢ ፓን ኢትዮጵያ ያሠለጠናቸው ገበሬዎች ጥጡ ላይ የሚረጩት መርዝ ሳይሆን ምግብ ነው፤ ምግቡ የሚስባቸው ነፍሳት ጥጡን የሚያጠቃውን ትል ይበሉላቸዋል። ሆኖም ምርቱ ብዙ ቦታ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ለአንድ ኩንታል ጥጥ ሰፋ ያለ መሬት ያስፈልጋል። የመስኖ ውኃውንም የሚወስነው «ኦርጋኒክ» መባሉ ሳይሆን አካባቢው ነው። ማጭበርበርም አለ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ጎትስ የተባለው መስፈርት አውጪ ሕንድ ውስጥ 20,000 ቶን ያህል ጥጥ በሐሰት ኦርጋኒክ ተብሎ ደርሶበታል።

ሊኖ ከአራቱ በትንሹ የሚያስቸግረው ይመስላል። ተክሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ለፍሬው የሚዘራው ተልባ ነው፤ ለክር የሚለማው ዝርያ ግን ረዘም ይላል። ሰሜን ፈረንሳይና ቤልጅየም ውስጥ በዝናብ ብቻ ይበቅላል። ችግሩ ክሩን ከግንዱ ማላቀቁ ነው። ድሮ በቤልጅየሙ ላይ ወንዝ ይዘፈዘፍ ነበር፤ ውኃውንም ክፉኛ በከለው። አሁን ተነቅሎ ማሳው ላይ ለሳምንታት በጤዛ ይበሰብሳል። ዝናብ ከበዛ ክሩ ራሱ ይበሰብሳል፤ ካነሰ ደግሞ ገለባው ከክሩ አልላቀቅ ይላል። ሊኖ ከዚያ የባሕር ዳርቻ ርቆ በብዛት የማይለማው፣ ዋጋውም ከጥጥ በላይ የሚሆነው በአብዛኛው ለዚህ ነው።