የደመወዝ ስኬል እንዴት ይነበባል? ከመነሻ ደመወዝ እስከ እጅ የሚገባው ብር

የወሩ መጨረሻ ነው። አንዲት የሁለተኛ ደረጃ መምህርት የእርከን ጭማሪ እንደተፈቀደላት የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሷታል። ጭማሪው 500 ብር ነው ይላል። ባንክ ሒሳቧ ውስጥ የገባው ገንዘብ ግን ካለፈው ወር በ400 ብር ያንሳል። የሥራ ባልደረቦቿ "ከፍ ያለ የግብር እርከን ውስጥ ስለገባሽ ነው" ብለው አጽናኗት።

ታሪኩ ለማስረዳት የቀረበ ምሳሌ ቢሆንም ማጽናኛው በብዙ መሥሪያ ቤቶች ይሰማል። ሆኖም ትክክል አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ለመረዳት የደመወዝ ስኬሉን ከማንበብ መጀመር ያስፈልጋል።

ደረጃ፣ መነሻ፣ እርከን፣ ጣሪያ

የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ስኬል ሠንጠረዥ ነው። ወደ ታች የሚወርዱት ረድፎች የሥራ ደረጃዎች ናቸው። ወደ ጎን የሚሄዱት ዓምዶች ደግሞ በዚያው ደረጃ ውስጥ የሚገኙ የደመወዝ መጠኖችን ያሳያሉ። በኢትዮጵያ ስኬል የመጀመሪያው ዓምድ "መነሻ" ይባላል። ቁጥር የተሰጣቸው እርከኖች ይከተሉታል፤ የመጨረሻው ዓምድ "ጣሪያ" ነው።

ደረጃው የሚለካው ሥራውን ነው። እርከኑ ግን ሠራተኛው በዚያ ሥራ ላይ የቆየበትንና የአፈጻጸም ምዘናው የፈቀደለትን ጉዞ ያመለክታል። ስለዚህ የአንድን ሰው ደመወዝ ለማወቅ ሁለቱም ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። ጎረቤት ኬንያም ለመምህራኗ ተመሳሳይ አሠራር ትጠቀማለች። ደረጃዎቹ ከቢ5 እስከ ዲ5 በፊደልና በቁጥር የተሰየሙ ሲሆን፣ በየደረጃው ውስጥ በየዓመቱ የሚወጡ እርከኖች አሉ።

በቆጠራው ላይ የሚያጋጥመው የተለመደ ስህተት መነሻውን እንደ አንደኛ እርከን መውሰድ ነው። አዲስ ተቀጣሪ የሚቆመው መነሻው ላይ ነው። እርከን 1 ላይ የሚደርሰው የመጀመሪያው ጭማሪ ሲፈቀድለት ነው። ጭማሪው በየዓመቱ በሚሰጥበት አሠራር ሦስት ዓመት የሞላው ሠራተኛ እርከን 3 ላይ ይሆናል። በየሁለት ዓመቱ ከሆነ ግን ገና እርከን 1 ላይ ነው። ስለዚህ የአገልግሎት ዘመንን ብቻ መቁጠር አይበቃም፤ ጭማሪው በየስንት ጊዜው እንደሚሰጥና በመካከሉ የታለፈ ዙር መኖሩን ማጣራት ይገባል።

ከስኬሉ ወደ ኪስ

ከመስከረም 2018 ዓ.ም ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የኢትዮጵያ የደመወዝ ማሻሻያ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ይህ ጥቅል ደመወዝ ነው። ከእሱ ላይ ሁለት ነገሮች ይቀነሳሉ።

የመጀመሪያው የጡረታ መዋጮ ነው። ሠራተኛው ከመሠረታዊ ደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣል። ይህም ከ11,500 ብር ላይ 805 ብር ይሆናል። መሥሪያ ቤቱ የሚጨምረው 11 በመቶ ከሠራተኛው ደመወዝ አይቀነስም።

ሁለተኛው የሥራ ግብር ነው። በ2017 ዓ.ም በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት እስከ 2,000 ብር ያለው ወርኃዊ ገቢ ግብር አይከፈልበትም። ከ10,000 ብር በላይ እስከ 14,000 ብር ያለው ክፍል 30 በመቶ፣ ከ14,000 በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ይከፈልበታል። ሒሳቡን ለማሳጠር ሙሉው ደመወዝ በመቶኛው ይባዛና ለዚያ የግብር እርከን የተመደበው ተቀናሽ ይነሳለታል። ለ30 በመቶው ተቀናሹ 1,350 ብር፣ ለ35 በመቶው 2,050 ብር ነው።

የ11,500 ብር 30 በመቶ 3,450 ብር ነው። 1,350 ሲቀነስለት ግብሩ 2,100 ብር ይሆናል። ግብሩና ጡረታው ተደምረው 2,905 ብር ስለሚደርሱ እጅ የሚገባው የተጣራ ደመወዝ 8,595 ብር ነው።

አሁን ለምሳሌ ያህል ይህ ሠራተኛ ሦስት እርከን ወጥቶ ደመወዙ 12,890 ብር ደረሰ እንበል። ጥቅል ጭማሪው 1,390 ብር ነው። ግብሩ 2,517 ብር፣ ጡረታው 902 ብር ከ30 ሳንቲም ስለሚሆን የተጣራው 9,470 ብር ከ70 ሳንቲም ይሆናል። በእርግጥ የጨመረው 875 ብር ከ70 ሳንቲም ነው። በዚህ የግብር እርከን ውስጥ ከእያንዳንዱ ተጨማሪ 100 ብር 30ው ለግብር፣ 7ቱ ለጡረታ ሄዶ 63 ብር ይተርፋል። ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ጭማሪ በ0.63 ማባዛት ስለዚህ ፈጣን ማረጋገጫ ነው።

400 ብሩ የት ገባ?

ወደ መምህርቷ እንመለስ። የቀድሞ ደመወዟ 13,800 ብር ነበር። ግብሩ 2,790፣ ጡረታው 966 ብር ስለሆነ 10,044 ብር ትወስድ ነበር። አዲሱ ደመወዟ 14,300 ብር ነው፤ ወደ 35 በመቶው የግብር እርከን ገብታለች።

ነገር ግን 35 በመቶው የሚነካው ከ14,000 በላይ ያለውን 300 ብር ብቻ ነው። ትክክለኛው ስሌት 5,005 ሲቀነስ 2,050፣ ማለትም 2,955 ብር ግብር ነው። ጡረታው 1,001 ብር ሲታሰብ 10,344 ብር ይቀራታል። ማግኘት የነበረባት 300 ብር ተጨማሪ እንጂ 400 ብር ጉድለት አይደለም።

የተፈጠረው ስህተት ይህ ነው። የፔሮል ሠራተኛው መቶኛውን ወደ 35 ቀይሮ ተቀናሹን በአሮጌው 1,350 ላይ ትቶታል። ግብሩ 3,655 ብር ሆነና የተጣራው ወደ 9,644 ብር ወረደ። በሕጉ መሠረት ደመወዝ በመጨመሩ ብቻ የተጣራ ገቢ ሊቀንስ አይችልም። በጭማሪ ወር የተጣራው ከቀነሰ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ተቀናሹ ነው።

ዕድገትና ጣሪያ

ደመወዝ በእርከን ብቻ አያድግም። መምህራን ከጀማሪ መምህርነት ተነስተው መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር እያሉ በሙያ ደረጃ ይወጣሉ። በዚህ ጊዜ ሠራተኛው ወደ ሌላ ረድፍ ይሻገራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ የቀድሞው ደመወዝ ከአዲሱ ደረጃ መነሻ የሚበልጥ ከሆነስ? 12,890 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ 12,400፣ 12,900፣ 13,420 ወደሚል ረድፍ አደገ እንበል። ወደሚቀርበው ከፍ ያለ ቁጥር ብቻ ከተመደበ ዕድገቱ ያስገኘለት 10 ብር ነው። በዚያ ላይ አንድ እርከን ከተጨመረለት ግን 13,420 ብር ያገኛል። ልዩነቱ በየወሩ 520 ብር ነው። ስለዚህ የዕድገት ደብዳቤ የያዘ ሰው የመመሪያውን የምደባ ቃል በትክክል ማንበብ፣ የእርከን ጭማሪው ከዕድገቱ ቀድሞ መመዝገቡንም ማየት ይኖርበታል።

ጣሪያ ላይ የደረሰ ሠራተኛ በበኩሉ የእርከን ጭማሪ አይኖረውም። ደመወዙ የሚንቀሳቀሰው ደረጃው ሲያድግ ወይም ስኬሉ ራሱ ሲሻሻል ነው።

ስኬሉ በሚሻሻልበት ጊዜ ደግሞ ጭማሪን በአሮጌው ደመወዝ ላይ መደመር ያሳስታል። የራስን ደረጃና እርከን ይዞ በአዲሱ ሠንጠረዥ ላይ አቻውን ቁጥር መፈለግ ይገባል። በፔሮሉ ላይ የተጻፈው መሠረታዊ ደመወዝ በደረጃው ረድፍ ውስጥ ጨርሶ ከሌለ፣ ከግብሩም ከጡረታውም በፊት ምደባው ራሱ መጣራት አለበት።