አካውንት ሲታገድ ለማን፣ ምን ይጻፋል?

አዲስ አበባ ተቀምጣ ለውጭ አገር ደንበኞች አርማ የምትሠራ አንዲት ግራፊክ ዲዛይነር እናስብ። ሰኞ ጠዋት ላፕቶፗን ስትከፍት አካውንቷ ታግዷል። የሠራችበት 640 ዶላር ቁጥሩ ይታያል እንጂ አይወጣም። ሁለት ደንበኞች ደግሞ ሥራቸውን እየጠበቁ ነው።

ገንዘቡ የሚያዝበት አንዱ ምክንያት፣ የከፈለ ደንበኛ በባንኩ በኩል «ይመለስልኝ» ማለት ስለሚችል ነው። በደህናው ጊዜ እንኳ ፋይቨር ለአብዛኞቹ ሻጮች 14 ቀን፣ አፕወርክ በቁርጥ ዋጋ ለተሠራ ሥራ 5 ቀን ያቆያል። እናም የደነገጠ ደንበኛ ክፍያውን ካስመለሰ፣ የሚነካው ያው የተያዘው ገንዘብ ነው። ደንበኛን ማረጋጋት ከጨዋነትም አልፎ ገቢን መጠበቅ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ወደ እገዳው ምክንያት እንመለስ። ኢትዮጵያውያንን በቀላሉ የሚያሰናክለው የማንነት ማጣራት ነው። ዲዛይነሯ ስትመዘገብ የልደት ቀኗን በለመደችው አቆጣጠር ሚያዝያ 12 ቀን 1990 ብላ ሞላች፤ ፓስፖርቷ ላይ ያለው ግን 20 April 1998 ነው። ስሟም አካውንቱ ላይ Tsehay፣ ፓስፖርቱ ላይ Tsehaye ተብሏል። እኛ አንድ ሰው መሆኗን ወዲያው እናውቃለን። የኢትዮጵያን አቆጣጠር የማያውቅ መርማሪ የሚያየው ግን የስምንት ዓመት ልዩነት ነው።

ስለዚህ ለሳፖርት የምትጽፈው ልመናም ቁጣም ሳይሆን ይህንኑ ማስረዳት ይሁን፦ «አካውንቴ ሰኞ ታግዷል። የልደት ዓመቴን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በስህተት ሞልቻለሁ፤ ትክክለኛው በፓስፖርቴ ላይ ያለው ነው። የስሜም የፊደል አጻጻፍ ይለያያል። የፓስፖርቴን ፎቶ አያይዣለሁ። ለማጣራት ሌላ ምን ልላክ? የተያዘው 640 ዶላርስ መቼ ይለቀቃል?» ከዚያ በኋላ የሚጨመር ነገር ካለ እዚያው መልእክት ሥር ይቀጥላል። በየቀኑ አዲስ ጥያቄ መክፈት ጉዳዩን ይበታትነዋል። ሁለተኛ አካውንት መክፈት ደግሞ በስህተት የመጣውን እገዳ ወደ እውነተኛ ጥፋት ይለውጠዋል። የቀሪ ሂሳቡና የውሎቹ ገጽ ሳይዘጋ በፎቶ ይቀመጥ።

ለደንበኛው ከዚህ ያጠረ ይበቃል፦ «አካውንቴ ለማንነት ማጣራት ቆሟል፤ ሰነዴን ልኬያለሁ። የአርማው ሁለተኛ ንድፍ አልቋል። ሐሙስ ያለበትን ሁኔታ አሳውቅዎታለሁ።» ሐሙስ ሲደርስ አዲስ ነገር ባይኖርም ይጻፍለት፤ ደንበኛ የሚደነግጠው ዝምታ ሲበዛ ነው። መልእክቱ ግን መድረኩ በሚፈቅደው መንገድ ይሂድ። አፕወርክ ውል ከተጀመረ በኋላ በውጭ መነጋገርን ይፈቅዳል፤ ክፍያን ወደ ውጭ ማውጣት ግን ደንብ መጣስ ነው። «በሌላ መንገድ ላኩልኝ» የምትል አንዲት መስመር ሳፖርት እጅ ከገባች፣ ስለ ልደት ዓመቱ የተጻፈውን ማብራሪያ ሁሉ ከንቱ ታደርገዋለች።

ገና ያልታገዳችሁ ፍሪላንሰሮች፣ ፓስፖርታችሁንና አካውንታችሁን ዛሬውኑ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ።