እጅጌው ሲለወጥ እጁ እንዳይጠፋ

ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ ደሴት የሚሻገር ተማሪ የቤተ መቅደሱን ግድግዳ በተመለከተ ጊዜ አስቀድሞ የሚያየው ፊትንና ቀለምን ነው። እኔም እንዲሁ ነበርሁ። በኋላ ግን አንድ ጥያቄ አሳሰበኝ፤ ይኸውም የሥዕሉ ልብስ በየዘመኑ ሲለዋወጥ እጁና በእጁ የተያዘው ነገር እንዴት ሳይበላሽ ቆየ? የሚለው ነው።

ነገሩን ለመመርመር የሚመቸው እመቤታችን ልጅዋን ታቅፋ የምትታይበት ሥዕል ነው። ከዚህ ሥዕል ዓይነቶች አንደኛው የተቀዳው በሮም ከተማ በቅድስት ማርያም ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ከሚገኘው ነው። ኢየሱሳውያን እንዲገለብጡት በ1569 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ከጳጳሱ ከፒዮስ 5ኛ ፈቃድ ካገኙ በኋላ ቅጂው በብዙ አገር ተሠራጨ፤ ወደ ኢትዮጵያም ደረሰ። በሥዕሉ ላይ ቀኝ እጅዋ በግራው ላይ ተሻግሯል፤ የቀኙ ሁለት ጣቶች ተዘርግተዋል፤ በግራ እጅዋ መሐረብ ይዛለች፤ ሕፃኑም መጽሐፍ ይዟል። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ልብሱን እንደ ወደዱት ለዋወጡት። እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን ባሠሩበት በ18ኛው መቶ ዓመት አበባ ያለበት ጨርቅና ጥላ የተሰጠው እጥፋት በዛ። የተሻገሩት እጆችና መሐረቡ ግን ሥዕሉ የሚታወቅባቸው ምልክቶች ስለሆኑ እየተጠበቁ ተላለፉ።

ይህ ቀላል መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ከታተመ ቅጂ ላይ በሥሡ ወረቀት ገልብጬ እጅጌውን ብቻ ለመለወጥ ሞከርሁ። ከእጅ አንጓ እስከ ጣት ጫፍ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ የእጅጌው አፍ ስፋት ደግሞ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል። አፉን ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ባሰፋሁት ጊዜ የታችኛው ጠርዝ ወርዶ በመሐረቡ ላይኛ እጥፋት ላይ ዐረፈ። የጣቶቹና የመሐረቡ መገናኛ ስለ ተሸፈነ መሐረቡ ማንም ሳይዘው በአየር ላይ የቆመ መሰለ። አንድም መስመር ከመሐረቡ አልነካሁም፤ ነገር ግን መሐረብነቱ ጠፋ። የሚጠበቀው እንግዲህ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ዕቃውና ጣቱ የሚገናኙበት ስፍራ ጭምር ነው።

በሁለተኛው ሙከራ ሥራውን ገለበጥሁት። አስቀድሜ እጆቹን፥ መሐረቡንና መጽሐፉን በቀለም ጽፌ ጨረስሁ፤ በዙሪያቸውም የእርሳስ ወሰን አደረግሁ። ከዚያ በኋላ ሰፊውን እጅጌ ከክርን ጀምሬ ወደ ወሰኑ አመጣሁት፤ የታችኛውንም ጠርዝ ወደ ክርን ሳብሁት። አፉ እንቁላል ቅርጽ ሲይዝ እጁ ከውስጡ የወጣ ሆኖ ታየ። የቀኙ እጅጌ ከግራው በላይ መሆኑን ግን መርሳት አይገባም፤ ይህ ቅደም ተከተል ከተዛባ የተሻገሩት እጆች የማን እንደሆኑ አይለይም።

እጅጌን ማሳጠር ከማስፋት ይልቅ ይከብዳል። ማስፋት ያለውን ይሸፍናል፤ ማሳጠር ግን በዋናው ሥዕል ላይ የሌለውን ክንድ ፍጠር ይላል። እኔ የእጁን ስፋት ይዤ ሁለት ትክክል መስመሮች ወደ ክርን ብሠራ ጓደኞቼ «ጓንት አጠለቀች ወይ?» ብለው ሳቁብኝ። አንጓው ከመዳፉ ጠበብ ብሎ፥ ክንዱ ወደ ክርን ቀስ በቀስ መስፋት ነበረበት። ቀለሙም ከእጁ ቀለም ጋራ አንድ ካልሆነ መጋጠሚያው እንደ ጠባሳ ይታያል።

ስሕተትን ለማወቅ ሥሡውን ወረቀት በዋናው ላይ መልሶ ማኖርና ከወሰኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ማስተያየት ይበቃል፤ መስመሩ ከእርሳስ ውፍረት በላይ ከራቀ እጁ ተነክቷል ማለት ነው። ጣቶችም ይቈጠራሉ። ጦር ለጨበጠ ሰማዕት ደግሞ ማስመሪያ ይሻላል፤ ከጭብጡ በላይና በታች ያለው ዘንግ በአንድ መስመር ካልዋለ እጅጌው ሲሠራ ጦሩ ተሰብሯል። ማኅደር በትከሻው ላንጠለጠለ መነኵሴም ጠፍሩ ከእጅጌው በላይ ሳይቋረጥ መታየት አለበት፤ ጨርቁ ግን በጠፍሩ ሥር ተጨምቆ ጥቂት እጥፋት ያድርግ፤ አለዚያ ማኅደሩ ክብደት የሌለው ይመስላል።

ዛሬ በፎቶ ቤት በኮምፒዩተር የቀሚስ እጅጌ የሚለውጥ ሰውም ሥራው ይኸው ነው። እጁንና ቦርሳውን ለብቻው ቈርጦ ከላይ ያስቀምጣል፤ አዲሱን እጅጌ ከሥር ያስገባል። ከቦርሳው ማንገቻና ከጣቶቹ መካከል ያለውን ክፍት ስፍራ አብሮ ካልቈረጠ ግን የአሮጌው እጅጌ ቀለም በዚያ ይቀራል። ይህን አንድ የባሕር ዳር ፎቶ አንሺ አሳይቶኛል።

በወረቀትና በኮምፒዩተር የተሳሳተ እንደገና ይጀምራል። የጣና ሥዕሎች አብዛኞቹ በግድግዳ ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ የተሣሉ ናቸውና ደብዝዘዋል ተብሎ አዲስ ልብስ በላያቸው ሲቀባ የተሸፈነ የጣት ጫፍ በቀላሉ አይመለስም። ስለዚህ እጅጌው ከአንጓው ጋራ የሚገናኝበት መስመር በግልጽ ካልታየ ቀለሙን ከዚያ በፊት ማቆም፥ የደበዘዘውንም እንደ ደበዘዘ መተው ይሻላል እላለሁ።